የግማሽ ኪሎ ስጦታ

ቪዛው ከተገኘና ትኬቱ ከተቆረጠ በኋላ የተጓዥ ቤት ደጁ አይዘጋም። አክስት ሽሮ ይዛ ትመጣለች፣ ጎረቤት በርበሬ፣ የሥራ ባልደረባ ባለመስታወት ፍሬም ውስጥ የተሰቀለ ፎቶ፣ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛ ደግሞ ሁለት ወፍራም መጽሐፍ ከፊት ገጹ ላይ ረጅም ማስታወሻ ጽፎበት። ሁሉም ከልቡ ነው፤ ሁሉም ግን ስጦታውን ሲገዛ ያየው የራሱን እጅ እንጂ የተጓዡን ሻንጣ አይደለም። ተጓዡም በይሉኝታ አንዱንም አልመልስም ብሎ ሁሉን ይቀበላል። በበረራው ዋዜማ ሌሊት ሻንጣው ሚዛን ላይ ሲወጣ ታዲያ እያነሱ ማስቀረት ይጀመራል። አልጋ ሥር የሚቀረው ስጦታ ብዙውን ጊዜ ከሚሄደው ይበልጣል፤ ሰጪው ግን ይህን አያውቅም።

ስለዚህ ለትምህርት ወደ ውጭ ለሚሄድ ጓደኛ ምን ልስጠው ከማለት በፊት ስንት ኪሎ ቀርቶታል ብሎ መጠየቅ ይቀድማል። ነውር የለውም። ተጓዡን ራሱን ጠይቆ ከማሳፈር ደግሞ ሻንጣውን የምታዘጋጀውን እህቱን ወይም እናቱን መጠየቅ ይሻላል፤ እውነቱን የሚናገሩት እነሱ ናቸው።

እንበል ጓደኛችን ለማስተርስ ወደ አንዲት ትንሽ የጀርመን የዩኒቨርሲቲ ከተማ ልትሄድ ነው። ትኬቷ እያንዳንዳቸው 23 ኪሎ የሚይዙ ሁለት ሻንጣዎች ይፈቅድላታል። ይህ እንደ ትኬቱ ዓይነትና እንደ አየር መንገዱ ይለያያል፤ ወደ አውሮፓ በሚደረግ ጉዞ አንድ ሻንጣ ብቻ የሚፈቅድ ትኬት ብዙ ስለሆነ መጀመሪያ ትኬቱ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ነው። የእሷ 46 ኪሎ ነው። ሲሰሙት ብዙ ይመስላል። ትልቅ ሻንጣ ባዶውን ከ3 እስከ 5 ኪሎ ይመዝናል፤ ለሁለቱ 8 ኪሎ እንቀንስ፣ 38 ቀረ። ልብስ፣ ጫማና የክረምት ካፖርት 16 ኪሎ፤ አንሶላ፣ ፎጣና ልዩ ልዩ ነገር 3 ኪሎ፤ 19 ቀረ። ቀጥሎ የእናት ስንቅ ይመጣል፦ ሽሮ 4 ኪሎ፣ በርበሬ 3፣ በሶ 2፣ ዳቦ ቆሎ 2፣ ቡና፣ ቆሎና ድርቆሽ አንድ አንድ ኪሎ። ድምሩ 14 ነው። አሁን የቀረው 5 ኪሎ ብቻ ነው። የቤት ሚዛንና የኤርፖርት ሚዛን ሁልጊዜ ስለማይስማሙ ለየሻንጣው ግማሽ ግማሽ ኪሎ ትርፍ መተው ያስፈልጋል። ለጓደኞቿ በሙሉ 4 ኪሎ ቀረ ማለት ነው። የቅርብ ጓደኞቿ ስምንት ከሆኑ ለእያንዳንዳቸው የሚደርሳቸው ግማሽ ኪሎ ነው።

ግማሽ ኪሎ ትንሽ አይደለም። በደንብ ከታሰበበት አንድ ሰው ሙሉ ዓመት የሚያስታውሰውን ነገር ይይዛል። ግን የእናትየውን ስንቅ መድገም የለበትም። በርበሬና ሽሮ ከቤት እንደሚሄድ እርግጥ ነው፤ ጓደኛ በዚያ ላይ ሌላ ሁለት ኪሎ በርበሬ ሲጨምር የሚሆነው ከሁለቱ አንዱ እንዲቀር ነው። የሚቀረው ደግሞ የእናቷ አይሆንም።

ከክብደቱ በፊት ግን ድንበር የማያልፈውን ማወቅ ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ኪሎው በከንቱ ይባክናል። የአውሮፓ ኅብረት ከኢትዮጵያ በተጓዥ እጅ የሚገባ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ አይፈቅድም፤ መጠኑ ትንሽ መሆኑም አያድነውም። ስለዚህ ቋንጣ፣ ቅቤና አይብ ጀርመን ጉምሩክ ላይ ከተገኙ ይወሰዳሉ። ብሪታንያም ከአውሮፓ ኅብረት ከወጣች በኋላ ከእኛ አገር ለሚመጣ ሥጋና ወተት ያላት ሕግ ተመሳሳይ ነው። ወደ አሜሪካ የሚሄድም ቋንጣውን መተው አለበት። እናቶች ይህን ሲሰሙ «ደረቅ እኮ ነው፣ አይሸትም» ይላሉ፤ ሕጉ የሚጠይቀው ግን መሽተቱን ሳይሆን ከእንስሳ መምጣቱን ነው። በዚህ በኩል ብዙ ሰው የሚረሳው ጭኮን ነው። በሶ ይመስላል፣ በዱቄት ተርታ ይታሸጋል፣ ነገር ግን በቅቤ የታሸ ነው። ቋንጣ የገባበት የፍርፍር ድርቆሽም እንዲሁ። ለብቻው የደረቀ እንጀራ ግን ችግር የለበትም፤ የእርጥብ እንጀራ አብዛኛው ክብደት ውሃ ስለሆነ ድርቆሹ ከኪሎም አንጻር ብልህ ስንቅ ነው።

ማር ይለያል። ከእንስሳ የሚገኝ ቢሆንም የአውሮፓ ኅብረት ለአንድ ሰው እስከ 2 ኪሎ ይፈቅዳል። ችግሩ ክብደቱ ነው፤ አንድ ሊትር ማር 1 ኪሎ ከ400 ግራም ገደማ ይመዝናል። ግማሽ ኪሎ ማር ከ350 ሚሊ ሊትር ብዙም አያልፍም፣ ጠርሙሱ ሲጨመር ደግሞ ከተሰጠን ግማሽ ኪሎ እናልፋለን። እንደ ፈሳሽ ስለሚቆጠርም ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ከሆነ በእጅ ሻንጣ አይገባም። እኔ ብሆን ማሩን እተወዋለሁ።

ወደ ቅቤው ልመለስ፤ ጥሩው ስጦታ ያለው እዚያ ነውና። ቅቤ ማለፍ አይችልም፤ ጀርመን ውስጥ ግን ቅቤ ሞልቷል። በየሱፐርማርኬቱ በ250 ግራም ጥቅል ተደርድሮ ይሸጣል። እዚያ የሌለው ቅቤውን የእኛ የሚያደርገው ቅመም ነው። ስለዚህ ማንኛውም ሰው እዚያ ሄዶ የሚያገኘውን ከባዱን ነገር ትቶ፣ እዚያ የማይገኘውንና ቀላሉን ነገር መላክ ነው። ኮረሪማ፣ ኮሰረት፣ በሶብላ፣ ጦስኝ፣ ጥቁር አዝሙድና አብሽ በደንብ ደርቀው፣ ተፈጭተውና ተቀላቅለው ሲቀርቡ ለአንድ ኪሎ ቅቤ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ገደማ፣ ማለትም ሃያ ግራም አካባቢ ይበቃቸዋል። አስቡት፤ 150 ግራም ቅመም ከሰባት ኪሎ በላይ ቅቤ ያነጥራል። አንድ ተማሪ በትምህርት ዘመኑ ይህን ያህል ቅቤ አይጨርስም። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል እዚያው በየሱቁ ስላሉ መያዝ አያስፈልግም፤ እርድም ከህንዶች ሱቅ አይጠፋም።

ይህን ስጦታ ሙሉ የሚያደርገው አብሮት የሚታሸግ አንድ ቁራጭ ወረቀት ነው። ብዙ ተማሪ ቤቱ ሳለ ቅቤ ሲነጠር አይቶ እንጂ ራሱ አንጥሮ አያውቅም፣ ወንዱማ ይቅር። እናትየውን አስቀምጡና አሠራሩን ጠይቃችሁ ጻፉ፦ ጨው የሌለበት ቅቤ አራት ጥቅል፣ ወፈር ባለ ድስት፣ በጣም ለስላሳ እሳት። ቅቤው ቀልጦ ከላይ የሚወጣውን አረፋ እየገፈፉ መጣል፤ ከዚያ የተከተፈ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል፣ ቀጥሎ ቅመሙ። ከሃያ እስከ ሠላሳ ደቂቃ ሳይቸኩሉ ማቆየት፣ ሥሩ ላይ የሚረጋው ነጩ ነገር ወርቃማ ሲሆን ማውረድ። ወደ ቡናማ ከሄደ አርሯል፤ ሽታው ይናገራል። በስሱ ጨርቅ ማጥለል፣ በደረቅ ማሰሮ ማስቀመጥ። ማሰሮው ውስጥ የውሃ ጠብታ ከቀረ ቅቤው ይሻግታል። አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፦ እዚያ «ዛወርራምቡተር» ተብሎ የሚሸጥ፣ ከረጋ ክሬም የተሠራ ቅቤ አለ። ከተለመደው ጣፋጭ ቅቤ ይልቅ ወደ አገር ቤቱ ጣዕም የሚጠጋው እሱ ነው። ይህንንም ወረቀቱ ላይ አስፍሩት።

ከግማሽ ኪሏችን ገና 150 ግራም ነው የወሰድነው። በቀሪው መቶ ግራም መከለሻና መቶ ሃምሳ ግራም ሚጥሚጣ ይጨመራል። መከለሻ ወጥ ሊወጣ ሲል ጣት በማይሞላ ቁንጥር የሚጨመር ስለሆነ መቶ ግራም ብዙ ነው። ሚጥሚጣም እንደዚያው፤ በቀቀለችው እንቁላል ላይ፣ በካፌ ድንች ላይ፣ በየደረሰችበት ትነሰንሰዋለች። አራት መቶ ግራም ላይ ደረስን። ማሸጊያውንና ወረቀቱን ጨምሮ ከተሰጠን ኪሎ አልዘለልንም። የተፈጨ ቅመም በወራት ውስጥ መዓዛው ስለሚደክም ሲደርስ ግማሹን ማቀዝቀዣ ውስጥ እንድታስቀምጥ ንገሯት።

አስተሻሸጉ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ የዱቄት ስጦታ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያው ነገር ድርቀት ነው። ከወፍጮ ቤት ትኩስ ሆኖ የመጣ በርበሬ ወይም ቅመም ወዲያው ፕላስቲክ ውስጥ ከገባ ሙቀቱ እርጥበት ይሆንና ከውስጥ ይሻግታል። ሰፌድ ላይ ዘርግቶ በደንብ እስኪቀዘቅዝ ማሳደር ይገባል። መድረቁን ለማወቅ አንድ እፍኝ ጨብጦ መልቀቅ ነው፤ ተበትኖ ከወረደ ደርቋል፣ እንደ እንክብል ተያይዞ ከቀረ ገና ነው።

ሁለተኛው የመፈንዳት ነገር ነው። ሰው ሁሉ «አውሮፕላን ውስጥ አየሩ ይነፋዋል» ይላል። ከአዲስ አበባ ለሚነሳ ጥቅል ግን ይህ እምብዛም እውነት አይደለም። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ የመንገደኛ አውሮፕላን ሲበር ውስጡ የሚኖረው የአየር ግፊት ደግሞ ቢበዛ በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ የሚገኘውን ያህል ነው። ልዩነቱ እዚህ ግባ አይባልም። እንዲያውም ዝቅ ባለ አገር ሲያርፉ ጥቅሉ ተጨምቆ ይገኛል፤ ከአዲስ አበባ የተዘጋ የውሃ ፕላስቲክ ሲያርፉ ተጣሞ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። ዱቄቱን የሚያፈነዳው ሻንጣው ላይ የሚጫነው የሌሎች ሻንጣዎች ክብደትና የሠራተኞቹ አወራወር ነው። አየር የያዘ ጥቅል ሲጫኑት እንደ ፊኛ ይበጠሳል። ስለዚህ ዱቄቱን ወፈር ያለ ፕላስቲክ ውስጥ ከቶ አየሩን እስከ ጫፍ በእጅ ጨምቆ ማስወጣት፣ ከዚያ ማሰር ወይም ማጣበቅ፣ በላዩ ሁለተኛ ፕላስቲክ መድገም ነው። ሁለተኛው ከሌለ ሚጥሚጣው ካፖርቱን ያገኘዋል፤ የሚጥሚጣ ካፖርት ደግሞ በክረምት ባቡር ውስጥ አይወደድም።

ሦስተኛ፣ እያንዳንዱ ጥቅል ላይ የይዘቱ ስም በእንግሊዝኛ ይጻፍበት። ምንነቱ ያልተጻፈ ነጭ ወይም ቡናማ ዱቄት ጉምሩክ ላይ ጥያቄ ያስከትላል። ሱቅ የታሸገና ስም ያለው ከተገኘ የተሻለ ነው። ዱቄት ሁሉ ወደሚጫነው ሻንጣ ይግባ እንጂ በእጅ አይያዝ። በተለይ ወደ አሜሪካ በሚበሩ አውሮፕላኖች ከ2018 ወዲህ በእጅ የሚያዝ ዱቄት ከ350 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ከአንድ የለስላሳ ጠርሙስ ትንሽ ከበለጠ ተጨማሪ ፍተሻ ይጠብቀዋል፤ ማንነቱ ካልተለየም ላይገባ ይችላል። እዚያ ሲደርሱ ምግብ መያዛቸውን ለሚጠየቁ ደግሞ መልሱ «አዎ» ነው። አሳውቀው የተከለከለ ነገር ቢገኝባቸው ይወሰድባቸዋል እንጂ አይቀጡም፤ ደብቀው ከተገኘ ግን ቅጣት አለው።

ቡና የሁሉም ሐሳብ ስለሆነ ብዙ አልልበትም፤ አንድ ነገር ግን ከብዙዎች የተለየ አመለካከት አለኝ። ጥሬ ቡና ለተማሪ አትስጡ። ጥሬው ለወራት ሳይበላሽ ይቆያል፣ እውነት ነው፤ ነገር ግን የተማሪ መኖሪያ ጣሪያ ላይ የጭስ መጠቆሚያ አለ። ቡና ተቆልቶ ጭሱ ሲወጣ ጩኸቱ ሕንፃውን ሙሉ ወደ ደጅ ያስወጣል፤ የእሳት አደጋ መኪና ከመጣ ደግሞ ሂሳቡ ሊከተል ይችላል። ዳግም ደግሞ ጥሬ ቡና ሲቆላ ከክብደቱ አንድ ሰባተኛ ያህል ይጠፋል፤ የምትልኩት ኪሎ የተወሰነው ጭስ ሆኖ የሚቀር ነው። ስለዚህ ተቆልቶ በሁለት ትናንሽ ጥቅል የተከፈለ ይሁን፤ አንዱ ሲከፈት ሌላው ታሽጎ እንዲቆይ። መውቀጫ ስለማይኖር ካልተፈጨ ችግር ነው፤ መዓዛው ቶሎ ቢደክምም የተፈጨውን እመርጣለሁ።

ጀበናስ? የሸክላ ጀበና አንድ ኪሎ አካባቢ ይመዝናል፣ መንገድ ላይ ይሰነጠቃል፣ ደርሶም አይጠቅምም። የተማሪ ማብሰያ ክፍል ምድጃ አብዛኛውን ጊዜ ጠፍጣፋ ባለመስታወት ነው፤ የጀበናው ሥር ክብ ስለሆነ ምድጃውን በደንብ አይነካም፣ አንዳንዱም ምድጃ ብረት ካልሆነ ዕቃ ጨርሶ አያሞቅም። በምትኩ ሁለት ሲኒ ስጡ። ሁለት ሲኒ ከነማስቀመጫው ካልሲ ውስጥ ተጠቅልሎ ጫማ ውስጥ ይገባል። ቡናውን በማንኛውም ድስት አፍልታ በሲኒ ስትጠጣው ቡናዋ የአገሯ ይሆናል። ሁለት የምለው አንድ ሲኒ ለብቻ መጠጣትን ስለሚያስተምር ነው።

ከምግብ ውጭ ወዳለው ስንመጣ የብዙዎች ስጦታ ሦስት ነው፦ ጋቢ፣ መጽሐፍና ፎቶ። ጋቢ የእናት ነው፤ እስከ 2 ኪሎ ስለሚደርስ ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን ክንድ ላይ ይያዝ። በክንድ የተያዘ ልብስ ብዙውን ጊዜ አይመዘንም፣ አውሮፕላኑ ውስጥም ብርድ አለ። ጓደኛ ከፈለገ ነጠላ ይስጥ፤ ነጠላ ቀላል ነው፣ ክረምት ላይ አንገት ላይ ይጠቀለላል። መጽሐፍ ላይ ጨካኝ መሆን ያስፈልጋል። ሦስት መቶ ገጽ ያለው አንድ መጽሐፍ የተሰጣችሁን ግማሽ ኪሎ ሊጨርሰው ይቀርባል። ወፍራሙን ፍቅር እስከ መቃብር ለምታነብ ልጅ ስጡ፤ ለማታነብ ልጅ ግን ስሜታችሁን እንጂ መጽሐፍ አይደለም የሰጣችኋት። ፎቶን በተመለከተ መፍትሔው ቀላል ነው፦ ፍሬሙ ይቅር። መስታወቱና እንጨቱ ነው ክብደቱ። ፎቶው ራሱ የጥቂት ግራም ወረቀት ነው፤ አሥራ ሁለት ፎቶ አትማችሁ ከኋላቸው የተነሡበትን ቦታና ቀን ብትጽፉ አንድ ፍሬም ከሚይዘው ይበልጣል። ግድግዳ ላይ የምትሰቅልበትን ፍሬም እዚያው ትገዛለች።

ፓወር ባንክ ለመስጠት የሚያስብ ካለ ሁለት ነገር ይወቅ። በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ መግባት ክልክል ነው፤ ባትሪው እሳት ቢነሣበት ማንም ስለማያየው በእጅ ሻንጣ ብቻ ይሄዳል። መጠኑም ከ100 ዋት ሰዓት እንዳይበልጥ። 20,000 ሚሊአምፒር የተጻፈበት 74 ዋት ሰዓት ስለሆነ ያልፋል፤ ጽሑፉ የጠፋ ወይም ምንም ያልተጻፈበት ርካሽ ዕቃ ግን መጠኑን ማረጋገጥ ስለማይቻል ፍተሻ ላይ ሊቀር ይችላል። የግድግዳ ማካፈያ መግዛት ደግሞ ለጀርመን ተጓዥ ከንቱ ወጪ ነው፤ ሁለት ክብ እግር ያለው ሶኬታችን እዚያም ይሠራል። ለብሪታንያ ተጓዥ ግን ሦስት አራት ማዕዘን እግር ያለው መቀየሪያ ጠቃሚና ቀላል ስጦታ ነው። ወደ አሜሪካ ከሆነ የእግሩ ብቻ ሳይሆን የኤሌክትሪኩም ኃይል ይለያል፤ የእኛ 220 ቮልት የእነሱ 120 ነው፤ ስለዚህ የፀጉር መተኮሻና መሰል ዕቃ ሰጥታችሁ ኪሎ አታባክኑ።

ከሁሉም በላይ ስጦታውን የሚወስነው የምትደርስበት ከተማ ነው። ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው ለምትሄድ ልጅ በርበሬ መስጠት ብዙም አይጠቅም፤ የሐበሻ ሱቅ እዚያ ከሰፈራችን የማያንስ ዕቃ ይዟል። ፍራንክፈርትም የሐበሻ ሱቅ አለ። የእኛ ጓደኛ የምትሄድባት ትንሽ ከተማ ግን ላይኖራት ይችላል፤ ቅመሙ ዋጋ ያለው እዚያ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት የከተማዋን ስም ከ«ኢትዮጵያ ሱቅ» ጋር ስልካችሁ ላይ መፈለግ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

አሁን ደግሞ ስለማይሰጠው። «እግረ መንገድሽን ይህን ለእህቴ አድርሽልኝ» የሚል ጥቅል ስጦታ አይደለም፤ ከጓደኞቿ ኪሎ ላይ የሚቀነስ ነው። የእናንተንም ስጦታ ቢሆን አሽጋችሁ፣ በወረቀት ጠቅልላችሁ፣ በሪባን አስራችሁ አትስጧት። ኤርፖርት ላይ ሻንጣውን ራስሽ ነሽ ያዘጋጀሽው፣ ሌላ ሰው የሰጠሽ ነገር አለ ወይ ተብላ ልትጠየቅ ትችላለች፤ ውስጡን ያላየችው ጥቅል ካለ ወይ ትዋሻለች ወይ ይፈታል። ጫት ውስጡ ተገኝቶ የተያዘ ተማሪ ታሪክ በየሰፈሩ አለ፤ ጫት በብሪታንያም ከ2014 ጀምሮ የተከለከለ ነው፣ በአሜሪካና በጀርመንም እንዲሁ። ስጦታው ፊቷ ተከፍቶ፣ ታይቶ፣ እሷው ራሷ ታሽገው።

መቼ ይሰጥ የሚለውም አለ። የመሰነባበቻው ዕለት ማታ የሚመጣ ስጦታ ከመጥፎ ስጦታ ይቆጠራል። ቦሌ ላይ ሸኚው ከውጭ ስለሚቀር ሻንጣው ሚዛን ላይ ከበደ ተብሎ የወጣውን ዕቃ የሚቀበላት ሰው አጠገቧ አይኖርም። ከበረራው ሁለት ሳምንት በፊት ከጓደኞቹ አንዱ ዕቃ አስተባባሪ ይሁን። የእጅ ሚዛን ተውሶ ወይም ገዝቶ፣ የሁሉንም ስጦታ መዝኖ፣ የሁለት ሰው ሐሳብ ሲገጥም «አንተ ቅመሙን ተወው፣ ሲኒ ግዛ» የሚል ሰው። የእጅ ሚዛን ከሌለ የሰው ሚዛን ይበቃል፤ ሻንጣውን ታቅፎ መመዘን፣ ከዚያ የራስን ክብደት መቀነስ ነው።

ስምንቱም ጓደኞች ምንም ላለመግዛት ቢስማሙም መልካም ነው። ገንዘቡን አዋጥተው ሦስተኛ ሻንጣ መክፈል ይችላሉ፤ አስቀድሞ በአየር መንገዱ ድረ ገጽ ወይም ቢሮ ሲከፈል ኤርፖርት ላይ ሲከፈል ከሚጠየቀው ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። ግን የሻንጣውን ዋጋ ከውስጡ ዕቃ ጋር አነጻጽሩ። ሃያ ኪሎ በርበሬና ሽሮ ለማሳለፍ ከፍተኛ ገንዘብ ከመክፈል ያንኑ ገንዘብ እጇ ላይ ማድረግ ሊሻል ይችላል። የክረምት ጫማ እዚያው ስትገዛ ለአየሩ የሚሆነውን ታገኛለች፣ ኪሎም አይወስድባትም።

የመጨረሻው ስጦታ አንድ ግራምም የለውም፣ ብዙዎች ግን አያስቡትም። ተማሪ ከአገር ከወጣ በኋላ ጉዳዩ አገር ቤት ይቀጥላል፦ ቴምፖራሪ ይዞ የሄደ ዋናው ዲግሪ ሲደርስ የሚቀበልለት፣ ዩኒቨርሲቲው ኦፊሻል ትራንስክሪፕት በቀጥታ እንዲልክ የሚከታተልለት፣ ባንክ ወይም ቀበሌ የሚሄድለት ሰው ያስፈልገዋል። ይህን የሚያደርገው ውክልና ያለው ሰው ነው። አገር ውስጥ ሳለች የሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ ቢሮ ሄዳ መታወቂያዋን ይዛ ብትፈርም የአንድ ቀን ጉዳይ ነው። ከሄደች በኋላ ግን ወደ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ መሄድ፣ ሰነዱን ወደ አዲስ አበባ መላክ፣ እዚህም በውጭ ጉዳይ ማረጋገጥ ይጠይቃል፤ ጀርመን ውስጥ ከሩቅ ከተማ እስከ ቆንስላው ባቡሩ ብቻ የቅመሙን ዋጋ ብዙ እጥፍ ያስከፍላል። ውክልናው ላይ የሚደረጉት ነገሮች በስማቸው ይዘርዘሩ፤ «ማንኛውንም ጉዳይ» የሚለው ብቻ በቂ የማይሆንበት መስኮት አለ።

ስለዚህ ከጓደኞቿ መካከል እግሩ የማይሰለቸውና ስልክ የሚያነሣው አንዱ ይህን ይውሰድ፣ ቅመሙን ለሌላው ይተው። ቢሮው የሚሠራው በሥራ ቀን ነው፤ የመጨረሻው ሳምንት ደግሞ በስንብት ስለሚያልቅ ቀጠሮውን ትኬቱ በተቆረጠበት ሳምንት ያዙላት።